ከግድግዳው ሥር ያለው ሙሌት፦ በባሕር ዳር የምድር ወለል ሶሌታ፣ የአፈር ጥቅጠቃና የሀርድኮር አነጣጠፍ

የምድር ወለል ሶሌታ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በአብዛኛው ከክፍሉ መካከል አይነሣም። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አንድ ሜትር ገባ ብሎ ግድግዳውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ጥግ ላይ ሲደርስም ማዕዘኑን ቆርጦ ያልፋል። የሚታይበትም ወቅት የታወቀ ነው፤ ሕንፃው ተጠናቅቆ የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ነው። ባለቤቱ ሲሚንቶ ተቆጥቦብኛል ይላል፤ ተቋራጩ ደግሞ ጥፋቱን በጥቁር አፈሩ ያሳብባል። ሁለቱም እውነት የሚሆኑባቸው ቦታዎች አሉ። ይሁን እንጂ ስንጥቁ የያዘው መስመር ራሱ ወደ ሌላ ነገር ያመለክታል፤ መሠረቱ ሲቆፈር ወጥቶ፣ ግንቡ ካለቀ በኋላ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ የገባው አፈር ማለት ነው።

ይህ አጭር ጥናት የሚያተኩረው በዚሁ አፈርና በላዩ በሚነጠፈው ሀርድኮር ላይ ነው። የተመረጠው ቦታ ባሕር ዳር፣ በተለይም ከቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ ስሙን በወረሰው በፔዳ ግቢና በዙሪያው ያለው መሬት ነው። ቦታውን ለጉዳዩ ተስማሚ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የዝናቡ ክፍፍል ነው፤ በባሕር ዳር በዓመት ከሚዘንበው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ የግንባታው ሥራ ግን የሚፋጠነው ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው በጋ ነው። አፈሩ የሚሞላው ደርቆ ሳለ ነው፤ የሚፈተነው ግን ርሶ ነው። ሁለተኛው የጣና ሐይቅ ነው። የሐይቁ ውኃ ዝቅ የሚለው በሰኔ ገደማ ሲሆን፣ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በዝቅተኛው ዳርቻ ላይ ያለ ወለል ከላይ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ከሥሩ እርጥበት ይጠብቀዋል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ለማሳያነት የታሰበ አንድ የመማሪያ ክፍል እንውሰድ። የውስጥ ስፋቱ 6 በ8 ሜትር ነው፤ በዙሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ አለ፤ በአራቱ ማዕዘናትና በረጅሞቹ ግድግዳዎች መካከል ዓምዶች ቆመዋል። የዓምዶቹ ፉቲንግ 1.80 በ1.80 ሜትር ሲሆን ጉድጓዱ ከተፈጥሮ መሬት 2 ሜትር ይወርዳል። ላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ሣርና ሥር ስላለበት ከጠቅላላው ቦታ ተነሥቷል። የተጠናቀቀው ወለል ከተፈጥሮው መሬት 65 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከዚህ ላይ የወለሉ ንጣፍ 5፣ ሶሌታው 10፣ ሀርድኮሩም 25 ሳንቲ ሜትር ይወስዳሉ። እነዚህ የሶሌታና የሀርድኮር ውፍረቶች በአገራችን የሥራ ዝርዝሮች ዘወትር የሚገኙ ናቸው። የቀረው 45 ሳንቲ ሜትር በአፈር ይሞላል።

እንግዲህ በክፍሉ መካከል ሶሌታው የተቀመጠው በሀርድኮሩ፣ በ45 ሳንቲ ሜትር ሙሌትና ከዚያ በታች ከጥንት ጀምሮ ተረግጦ በኖረ ያልተነካ መሬት ላይ ነው። ዓምዱ አጠገብ ግን ሁኔታው ይለያል። ፉቲንጉ ከዓምዱ መሐል ወደ ውስጥ 90 ሳንቲ ሜትር ይዘልቃል፤ ለሠራተኛ መንቀሳቀሻ የሚተወው 25 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበትና የግንቡ ግማሽ ውፍረት ሲቀነስ፣ ጉድጓዱ ከግንቡ የውስጥ ፊት 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ክፍሉ ገብቷል ማለት ነው። ከፉቲንጉ ራስ እስከ ተጠረገው መሬት ያለው የተመለሰ አፈር 1.35 ሜትር ጥልቀት አለው። በላዩ ያው 45 ሳንቲ ሜትር ሙሌት ይጨመራል። ስለዚህ አንድ ሶሌታ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ በኩል በ45 ሳንቲ ሜትር በሌላው በኩል በ1.80 ሜትር አዲስ አፈር ላይ ተኝቷል። ችግሩ የሚወለደው ከዚህ ልዩነት ነው።

የተመለሰው አፈር ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችል ለማስላት ረቂቅ ቀመር አያስፈልግም። አፈሩ በላቦራቶሪ ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ ደረቅ እፍጋት 85 በመቶውን ብቻ ይዞ ገባ እንበል፤ በአካፋ ተወርውሮ በእግር ለተረገጠ አፈር ይህ የተጋነነ ግምት አይደለም። ክረምቱ አርሶት 90 በመቶ ላይ ቢደርስ፣ ያው የአፈር መጠን የሚይዘው ቦታ በ85 ለ90 ጥምርታ ይቀንሳል፤ ይኸውም 5.6 በመቶ ነው። ከ1.35 ሜትር ላይ ሲሰላ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። በዚያው ጊዜ የክፍሉ መካከል ከነበረበት እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። ሶሌታው አንድ ጫፉ በግንቡ ላይ፣ ሌላው ጫፉ በጠንካራው መካከል ላይ ተደግፎ፣ በመሐሉ ባዶ ቦታ ላይ እንደ ድልድይ ይቀራል። ክፍተቱ የግንቡ ቦይ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ያለ ችግር ይሻገረው ነበር። ዘጠና ሳንቲ ሜትር ሲሆን ግን፣ ያውም የብረት መረቡ በሙሌት ጊዜ በሠራተኞች ተረግጦ ከሥር ከሀርድኮሩ ጋር ተጣብቆ ከቀረ፣ አቅሙ ያጠራጥራል። በዚህ ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያና ከባድ ቁም ሣጥን የሚቀመጠው ሁልጊዜ ግድግዳ ተጠግቶ ነው፤ ማለትም ልክ ድጋፍ በጠፋበት ቦታ።

ደረቅ አፈር ሲረጥብ ለምን እንደሚወርድ መረዳት ለሥራው አካሄድ ወሳኝ ነው። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ከጉድጓዱ አጠገብ ተከምሮ የከረመ ሸክላማ አፈር ጓል በጓል ሆኖ ይደርቃል። ጓሉ በራሱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፤ ጓሎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሲቆሙ ግን በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ይተዋሉ። በደረቀበት ጊዜ በመዶሻ ቢመታ ይቋቋማል፤ ላዩ ይለሰልሳል፣ ድምፁም ይደነድናል፤ የሚያይም ሰው ተጠቅጥቋል ብሎ ያልፈዋል። የክረምቱ ውኃ ሲደርስ ጓሉ ይሟሟል፤ ተደጋግፎ የቆመው ሁሉ ወደ ክፍተቱ ይገባል፤ ሙሌቱም ምንም ተጨማሪ ጭነት ሳይኖር በራሱ ክብደት ይወርዳል። እዚህ ላይ ጉድለቱ የጉልበት ማነስ አይደለም። የጎደለው በጥቅጠቃው ሰዓት ውኃ ነው።

አፈር ሲጠቀጠቅ ውኃ ሁለት መልክ አለው። ሲያንስ ቅንጣቶቹ ስለሚቋቋሙ አይቀራረቡም፤ ሲበዛ ደግሞ ክፍተቱን ውኃው ራሱ ይይዘውና አየር ቢወጣም ውኃው አልወጣ ይላል፤ አፈሩም በመዶሻው ሥር እንደ ሊጥ ይንቀጠቀጣል። በሁለቱ መካከል አፈሩ በአንድ ዓይነት ጉልበት ከሁሉ የሚበልጠውን እፍጋት የሚሰጥበት የእርጥበት መጠን አለ። ይህንን መጠንና ከእርሱ ጋር የሚገኘውን ከፍተኛ ደረቅ እፍጋት የሚያሳውቀው በላቦራቶሪ የሚደረገው የፕሮክተር ሙከራ ነው። ለማሳያው ክፍል የተመረጠው ሙሌት በሙከራው 18 በመቶ ምቹ እርጥበትና 1.75 ቶን በሜትር ኩብ ከፍተኛ ደረቅ እፍጋት አለው እንበል፤ ቁጥሮቹ ለማስላት የተወሰዱ ስለሆኑ በእያንዳንዱ የሥራ ቦታ በራሱ አፈር መተካት አለባቸው። በሥራ ዝርዝሩ የተጠየቀው እንደ ልማዱ 95 በመቶ ከሆነ፣ በቦታው መገኘት ያለበት ደረቅ እፍጋት 1.66 ቶን በሜትር ኩብ ነው።

አሁን ውኃውን እንለካ። በ20 ሳንቲ ሜትር ልል ሆኖ የተዘረጋ አፈር ሲጠቀጠቅ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። የክፍሉ ስፋት 48 ሜትር ካሬ ስለሆነ አንዱ ንጣፍ 7.2 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በ1.66 ሲባዛ 12 ቶን ያህል ደረቅ አፈር ነው። አፈሩ በበጋ ሲመጣ 8 በመቶ እርጥበት ብቻ ቢኖረው እስከ 18 በመቶ የጎደለው 10 በመቶ ነው፤ ይህም 1.2 ቶን፣ ማለትም 1,200 ሊትር ውኃ ነው። ባለ 200 ሊትር ስድስት በርሜል መሆኑ ነው፤ ያውም ለአንድ ንጣፍ ብቻ። ለሦስቱ ንጣፎች አሥራ ስምንት በርሜል ያስፈልጋል፤ የበጋው ፀሐይ የሚወስደው ሳይቆጠር። በብዙ የሥራ ቦታዎች የሚታየው ግን አንድ ሠራተኛ በባልዲ ላዩን አርከፍክፎ፣ አቧራው ከጠፋ በቃ ማለቱ ነው። በሥራ ዝርዝሮች ላይ ሙሌት በሜትር ኩብ ይከፈላል፤ ውኃ ግን ብዙውን ጊዜ ለብቻው ተጽፎ የሚከፈልበት ተራ ቁጥር የለውም። ማንም ሆነ ብሎ የሚቀንሰው ነገር ባይሆን እንኳ መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው።

ውኃው የሚሰጥበት መንገድም ከመጠኑ አያንስም። ሸክላማ አፈር ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ አፈሩ ገና በክምሩ ሳለ፣ ከመዘርጋቱ በፊት በነበረው ምሽት ውኃ ጠጥቶ፣ በአካፋ ተገላብጦ ማደር ይገባዋል፤ ጓሉም ከጡጫ በሚያንስ መጠን መሰበር አለበት። በማግስቱ ትክክለኛነቱን በእጅ መገመት ይቻላል። አፈሩ ተጨብጦ ሲለቀቅ እንደ ጭብጦ ተያይዞ ከቆየና በጣት ሲጫኑት ወደ ሁለት ወይም ወደ ሦስት ከተከፈለ ለምቹው እርጥበት ቀርቧል። ከተበተነ ደረቅ ነው፤ መዳፍን ካረጠበ ወይም በጣቶች መካከል ከወጣ አልፎበታል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ አሠራር መነሣት አለበት። የመሠረቱን ቦይ በአፈር እስከ አፉ ሞልቶ በቱቦ ውኃ ማጥለቅለቅና አፈሩ ራሱ ይርጋ ብሎ መተው በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ለንጹሕ አሸዋና ጠጠር ይህ መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ውኃው በፍጥነት እያለፈ ቅንጣቶቹን ያቀራርባልና። ለባሕር ዳር ሸክላማ አፈር ግን ጉዳቱ ያመዝናል። ላዩ ጭቃ ይሆናል፣ ውስጡ ጓሉን ይዞ ይቀራል፣ ከሥር የሚደርሰው ውኃም ፉቲንጉ ያረፈበትን መሬት ያለሰልሳል። ወለሉ ከመሠራቱ በፊት ጥቂት መውረዱ እውነት ነው፤ የቀረው ግን ለክረምቱ ይቆያል።

የመጠቅጠቂያው ዓይነት እንደ አፈሩ ይመረጣል። ሰፊ ሰሌዳ ያለው ነዛሪ መጠቅጠቂያ ለጠጠርና ለአሸዋ የተሠራ ነው፤ ሸክላ ላይ ላዩን ከማለስለስ አያልፍም። ለሸክላማ ሙሌት የሚሻለው እየዘለለ የሚመታው ጃምፐር ነው፤ እግሩ ጠባብ፣ ምቱም ጥልቅ በመሆኑ ጓሉን ይሰብራል። በጃምፐር የልል ንጣፉ ውፍረት ከ20 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ማሽን በማይገባበት ጠባብ የፉቲንግ ጉድጓድ በእጅ መዶሻ ከተሠራ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ሥራው እጥፍ እንደሚሆን ግልጽ ነው። በትልቅ ሮለር የሚሠሩ ቦታዎችም ከዚህ ችግር አያመልጡም። ሮለሩ ግንቡን እንዳይገፋ ርቆ ስለሚዞር የመካከሉ ሙሌት በሚገባ ሲጠቀጠቅ፣ ዳር ያለውና ይበልጥ ጥልቅ የሆነው ሳይነካ ይቀራል። ጥሩ ፎርማን የሚታወቀው ሥራውን ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል በማምጣቱ ነው።

ግንቡም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ከውጭ በኩል ቦዩ ክፍት ሆኖ ከውስጥ ብቻ ተሞልቶ ቢጠቀጠቅ አፈሩ ግንቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ሞርታሩ ገና ያልጠነከረ ከሆነ ግንቡ ይሆዳል ወይም መጋጠሚያው ይላቀቃል። ስለዚህ የሁለቱ ወገን ሙሌት እኩል ከፍታ ይዞ አብሮ መውጣት፣ ግንቡም ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ውኃ እየጠጣ መጠንከር አለበት።

የገባው አፈር ማንነት ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በባሕር ዳር ከፍ ያለው ቦታ ከባዛልት የተበላ ቀላ ያለ ሸክላማ አፈር ሲኖረው፣ ዝቅ ባለውና ውኃ በሚያቁረው ሜዳ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ይገኛል። ቀዩ አፈር ጓሉ ተሰብሮና በቂ ውኃ ጠጥቶ ከተጠቀጠቀ ለሙሌት ሊያገለግል ይችላል። መረሬው ግን ቢጠቀጠቅም አያገለግልም፤ እንዲያውም ደርቆ በኃይል የተጠቀጠቀ መረሬ ውኃ ሲያገኝ አብዝቶ ያብጣል፤ ሶሌታውን ከሥር ያነሣዋል። ከመሠረቱ የወጣው መረሬ ከሆነ ከግቢው ወጥቶ በምትኩ ከሌላ ቦታ የተመረጠ ጋራጋንቲ መግባት አለበት። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ለወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ሙሌት ጋራጋንቲ አስመጥቶ፣ የጉድጓዶቹን ጥልቅ ክፍል ግን ላይ በተከመረው መረሬ መመለስ ነው። የሚታየው ንጣፍ ጥሩ ስለሆነ ተቆጣጣሪው በኋላ መጥቶ ቢያይ ምንም አያገኝም።

ለዚህም ነው ሙከራው የሚደረግበት ቦታ ከሙከራው ቁጥር በላይ የሚያሳስበው። የተለመደው የመስክ ሙከራ በላቦራቶሪዎች ሳንድ ኮን የሚባለው ነው። ከተጠቀጠቀው ንጣፍ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የወጣው አፈር ሁሉ ተሰብስቦ ይመዘናል፤ ጉድጓዱ ደግሞ ክብደቱ በሚታወቅ ደረቅ አሸዋ ይሞላና ከገባው አሸዋ የጉድጓዱ ይዘት ይሰላል። በማሳያው ክፍል ከመካከለኛው ዓምድ ፊት ለፊት፣ ከግንቡ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ሁለተኛው ንጣፍ ላይ ሙከራ ተደረገ እንበል። የወጣው እርጥብ አፈር 3,240 ግራም መዘነ፤ ጉድጓዱን የሞላው አሸዋ 2,600 ግራም ሆነ። አሸዋው በሳንቲ ሜትር ኩብ 1.40 ግራም ስለሚመዝን የጉድጓዱ ይዘት 1,857 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው። ከዚህ እርጥብ እፍጋቱ 1.745 ይሆናል። አፈሩ በምድጃ ደርቆ እርጥበቱ 12 በመቶ ሆኖ ከተገኘ፣ 1.745 ለ1.12 ሲካፈል ደረቅ እፍጋቱ 1.558 ነው፤ ከ1.75 ጋር ሲነጻጸር 89 በመቶ። አልበቃም።

ይህን ውጤት ያገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ ጃምፐሩ ደጋግሞ ይለፍበት ብሎ ያዝዛል። እርጥበቱ ግን ሌላ ይናገራል፤ ከምቹው መጠን ስድስት በመቶ ስለሚጎድል ምቱ ቢደጋገም ለውጡ ጥቂት ነው። ትክክለኛው ትእዛዝ ንጣፉን ቆስቁሶ መፍታት፣ የጎደለውን ውኃ ሰጥቶ ማገላበጥና እንደገና መጠቅጠቅ ነው። ከዚያ በኋላ በአጠገቡ በተደረገ ሙከራ 3,700 ግራም እርጥብ አፈር ወጥቶ 2,620 ግራም አሸዋ ቢገባ፣ ይዘቱ 1,871፣ እርጥብ እፍጋቱ 1.977፣ በ18 በመቶ እርጥበትም ደረቅ እፍጋቱ 1.676 ይሆናል፤ 95.8 በመቶ። ያው ማሽን፣ ያው አፈር፣ ያው ሠራተኛ ነው።

ይህ ሙከራ በክፍሉ መካከል ቢደረግ ኖሮ የሚሰጠው መልስ ስለ 45 ሳንቲ ሜትሩ እንጂ ስለ 1.35 ሜትሩ አይሆንም ነበር። በተጨማሪም ሙከራው የሚመሰክረው ለተቆፈረበት ንጣፍ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያሉትን አያይም። ስለሆነም የጉድጓዱ ሙሌት ገና በመውጣት ላይ ሳለ ቢያንስ በአንድ ዓምድ አጠገብ በግማሽ ጥልቀቱ መሞከር ይገባል። የላቦራቶሪ አቅም በሌለበት አነስተኛ ሥራ ባለ 12 ፌሮ በሁለት እጅ ቀጥ አድርጎ መጫን ሸካራ ፍንጭ ይሰጣል፤ በጥሩ ንጣፍ ጥቂት ገብቶ ይቆማል፣ በልሉ ግን በቀላሉ ይሰምጣል። ሆኖም ደረቅ ጓል ፌሮውን ስለሚያቆመው ይህ ሙከራ የሚታመነው እርጥበቱ በትክክል ከተሰጠ ብቻ ነው።

ወደ ሀርድኮሩ ስንመጣ ብዙ ጊዜ ከሥራው በላይ የሆነ ተስፋ ሲጣልበት ይታያል። ሀርድኮር በልል ሙሌት ላይ የተዘረጋ የማጠንከሪያ ንጣፍ አይደለም። ድንጋዮቹ እርስ በርስ በማጣበቂያ ስላልተያያዙ ከሥራቸው ያለው አፈር ሲወርድ አብረው ይወርዳሉ። እርጥብ ሸክላ ላይ ከተነጠፉማ ሹል ጫፋቸው በጥቂት ነጥቦች ላይ ስለሚጫን ቀስ በቀስ ይሰምጣሉ፤ ሸክላውም በመካከላቸው ወደ ላይ ይወጣል። የሀርድኮር ዋና ሥራ ሌላ ነው፤ ከሥር የሚመጣውን እርጥበት ማቋረጥ። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ በሸክላ ቅንጣቶች መካከል ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውኃን ወደ ላይ ይስባሉ። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር የመሳብ ኃይሉ ይደክማል፤ በትላልቅ ድንጋዮች መካከል ያለውን ክፍተት ውኃ በዚህ መንገድ ሊሻገረው አይችልም። የሐይቁ ውኃ ከፍ በሚልባቸው ወራት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ላለ ወለል ይህ ትርጉም አለው።

ይህ ሥራ የሚሰምረው ክፍተቱ ክፍት ሆኖ ከቆየ ብቻ ነው። ከአፈር ጋር የተቀላቀለ የካባ ተረፈ ድንጋይ፣ ወይም ዱቄት የበዛበት ቀይ አሸዋ ከተነጠፈ ክሩ አልተቆረጠም። በባሕር ዳር ዙሪያ ባዛልት ድንጋይ እንደ ልብ ስለሚገኝ ምክንያት የሚሆን እጥረት የለም። ድንጋዩ ጠርዝ ያለው፣ ያልበሰበሰ፣ በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ መሆን አለበት። ከወንዝ የመጣ ድቡልቡል ድንጋይ እርስ በርሱ ስለማይነካከስ አይመረጥም። አነጣጠፉ በእጅ ነው፤ ድንጋዩ ሰፊ መቀመጫው ወደ ታች ሆኖ፣ ቁመቱ ወደ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤቱን ተደግፎ ይደረደራል። በመካከል የቀረው ክፍተት በፍንካች ድንጋይ በመዶሻ እየተመታ ይጠበቃል። ከመኪና ላይ ተገልብጦ በአካፋ የተደለደለ ድንጋይ ላዩ እኩል ቢመስልም፣ ተንጋልሎ የተኛው ድንጋይ ሰው ሲቆምበት ይወዛወዛል፤ ይህ ከሁሉ ቀላሉ የመቆጣጠሪያ ዘዴ ነው። ተቆጣጣሪው በሀርድኮሩ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ይራመድ፤ እግሩ ሥር የሚንቀሳቀስ ድንጋይ ካገኘ ይነሣና እንደገና ይቀመጥ።

ከዚያ በላዩ ጥቃቅን የተፈጨ ጠጠር ተነስንሶ የላይኛው ክፍተት ይዘጋል። ይህ ንስንስ ሲታለፍ የሚጎዳው ራሱ ተቋራጩ ነው። ኮንክሪቱ በአማካይ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ድንጋዮቹ መካከል ቢሰርግ በ48 ሜትር ካሬ ላይ ወደ 1 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ የሶሌታው ጠቅላላ ኮንክሪት 4.8 ሜትር ኩብ ብቻ መሆኑ ሲታሰብ አንድ አምስተኛው ከመሬት በታች ቀረ ማለት ነው። የሰረገው ኮንክሪት የሲሚንቶውን ውኃ ይዞ ስለሚሄድም ላይ የቀረው ሳስቶና ተቦርቡሮ ይገኛል። በጠጠሩ ላይ የፕላስቲክ ሸራ ቢነጠፍ ውኃውን ይይዛል፣ የእርጥበቱንም መንገድ ዳግም ይዘጋል። ንስንሱን ለመቆጠብ ከሥር የወጣውን ሸክላ አፈር መበተን ግን ሀርድኮሩን ጨርሶ ከንቱ ያደርገዋል፤ የተቆረጠው ክር መልሶ ይቀጠላልና።

ተሠርቶ ያለቀ ወለል ሲሰነጠቅ የሙሌት መውረድ ይሁን የመረሬ ማበጥ መለየት ይቻላል። የወረደ ሙሌት ሶሌታውን ባዶ ላይ ስለሚተወው ከግድግዳው አጠገብ በመዶሻ እጀታ ሲመታ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ መካከሉ ግን ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣል። ሶሌታው አብሮ ከወረደም በዞኮሎውና በወለሉ መካከል ክፍተት ይታያል። መረሬ ሲያብጥ ደግሞ ወለሉ በአብዛኛው ከመካከል ከፍ ይላል፣ በሮች ከሥር ይሻጣሉ፣ ስንጥቁም ከመካከል ወደ ዳር ይበተናል። በግልጽ ቱቦ የውኃ ልክ ግድግዳውንና መካከሉን በጥቂት ነጥቦች ለክቶ መመዝገብ፣ ይህንኑም በግንቦትና በጥቅምት መድገም ጥርጣሬውን ያነሣል። የወረደ ሙሌት ተመልሶ አይነሣም፤ መረሬ ግን በክረምት ይነሣል፣ በበጋ ይወርዳል።

የወረደ ሙሌት መሆኑ ከተረጋገጠ ስንጥቁን በሞርታር መሙላት የሚቆየው እስከሚቀጥለው ክረምት ነው። የሚያዋጣው ጥገና ባዶ ድምፅ የሚሰማበትን ክፍልና ከዚያም አልፎ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር በጠንካራው ላይ ሶሌታውን ቀጥ ባለ መስመር መቁረጥ፣ ሀርድኮሩን ማንሣትና ልሉን አፈር እስከ ፉቲንጉ ራስ ማውጣት ነው። ጉድጓዱ ለጃምፐር ከጠበበ አፈር መልሶ ከመታገል ይልቅ ሲሚንቶው አነስ ባለ ኮንክሪት መሙላት ይሻላል፤ ዋጋው ቢጨምርም አይወርድም። ሀርድኮሩ እንደገና በእጅ ይደረደራል፤ የአሮጌው ሶሌታ ጠርዝ ተበስቶ አጫጭር ፌሮዎች ይተከሉበታል፤ አዲሱ መረብም ከእነርሱ ጋር ታስሮ፣ በድጋፍ ከሥር ከፍ ብሎ ይሞላል። ጥገናው የሚጀመረው በኅዳር ነው፤ አፈሩ ገና ከክረምቱ የተረፈ እርጥበት ስላለው የሚፈለገው ውኃ ያኔ ከሁሉ ያነሰ ነው።